የማክሰኞ ምሽት ጥቁር ሰማያዊ

የጾም ምግብ አሠራር የሚያስነብብ አንድ ድረ ገጽ አለ እንበል። ባለቤቷ በወር ስንት ሰው እንደጎበኛት ታውቃለች፤ ሰዉ መቼ እንደሚመጣ ግን አታውቅም። የወሩ ድምር ይህን አይነግራትም፤ ሰኞ ጠዋት የመጣውንም ቅዳሜ ሌሊት የመጣውንም አንድ ላይ ቀላቅሎታልና። ቅልቅሉን የሚፈታው ሂት ማፕ የሚሉት በቀለም የሚነበብ ሠንጠረዥ ነው። ሰባቱ ቀናት ወደ ጎን፣ ሃያ አራቱ ሰዓታት ወደ ታች ይደረደሩና 168 ሳጥኖች ይወጣሉ። ጎብኚ የበዛበት ሳጥን ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይነጣል።

ሥራው የሚጀምረው ሰርቨሩ ከሚይዘው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ጉብኝት የመጣበት ቀንና ሰዓት እዚያ ተጽፏል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ሲሆን፣ እሱም ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። መዝገቡ 17:00 ካለ ባለቤቷ «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብላ ታነበው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ከሥራ መውጫ ሰዓት የመሰላት በእርግጥ ከራት በኋላ ነው።

ደግነቱ መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ለመምጣት ሦስት እንደምራለን፤ ቀኑን እንደ ልማዳችን ከንጋት ለመጀመር ደግሞ ስድስት እንቀንሳለን። በጥቅሉ ሦስት መቀነስ ነው። በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ የጉብኝቱ ሰዓት A2 ላይ ካለ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=WEEKDAY(A2-3/24, 2)
=HOUR(A2-3/24)
```

የመጀመሪያው ሰኞን 1፣ እሁድን 7 ብሎ ቀኑን ያወጣል። ሁለተኛው ሰዓቱን ይሰጣል፤ 0 ማለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ 13 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ የመጣ ጎብኚም በእኩለ ሌሊት ሳይቆረጥ በቅዳሜው አምድ ሥር ይቆያል።

ከዚያ በየሳጥኑ የወደቁትን መቁጠር ነው። አንድ ወር ብቻ መውሰድ ያሳስታል፤ በ30 ቀን ውስጥ ሁለት ቀናት አምስት ጊዜ፣ የቀሩት አራት ጊዜ ስለሚመጡ አምስቴ የመጡት ያለ ምክንያት ይጠቁራሉ። ስለዚህ ሙሉ ሳምንታትን፣ ለምሳሌ ስምንት፣ መውሰድ ይሻላል።

የባለቤቷ ካርታ ተቀባ እንበል። ሦስት ሳጥኖች ጎልተው ወጡ፦ የማክሰኞና የሐሙስ ምሽት 1 ሰዓት፣ እንዲሁም የእሁድ ምሽት 1 ሰዓት። የእሁዱን ሳጥን ስትከፍተው የስምንቱ ሳምንታት ቁጥር 40፣ 44፣ 38፣ 41፣ 43፣ 39፣ 42 እና 313 ሆኖ አገኘችው። አማካዩ 75 ነው፤ ግን ከስምንቱ እሁዶች በአንዱም 75 ሰው አልመጣም። አንድ ቀን አንድ ሰው ገጹን ቴሌግራም ላይ ስላጋራው ነው ካርታው የጠቆረው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድራ መካከለኛውን ብትወስድ 41.5 ታገኛለች፤ የእሁድ ምሽት እውነተኛ መልኩ ይሄ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ግን በስምንቱም ሳምንታት ከፍ ብለዋል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸውና ሰዉ ለነገው ምን እንደሚሠራ የሚፈልገው በዋዜማው ይመስላል።

ሌላም አየች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ፈዘዝ ያለ መስመር አለ። ቦት ይሆን? ቦት ሰባቱንም ቀን በአንድ ዓይነት ቀለም ያሰምራል፤ ይህ ግን ከቀን ቀን ይለያያል። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በክረምቷ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ እዚያ ያሉ አንባቢዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አሜሪካ በመጋቢት ወር ሰዓቷን ስታዞር መስመሩ ወደ 9 ሰዓት ከፍ ካለ ግምቱ ይጠነክራል። ስምንቱ ሳምንታት ያን ለውጥ ካቋረጡ ግን መስመሩ በሁለት ረድፍ ይደበዝዛል።

ካርታው ሰው መቼ እንደመጣ እንጂ ለምን እንደመጣ አይናገርም። የማክሰኞና የሐሙሱ ምክንያት ራሷ በእነዚያ ምሽቶች አዲስ ጽሑፍ ማውጣቷም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለይላት በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። የእነዚያን ሳምንታት ካርታ ለብቻው ትቀባለች፣ የማውጫ ቀኗን ግን አትለውጥም። ሁለቱ ሳጥኖች ከነጡ አንባቢዋን የሚያመጣው ጾሙ ነበር። እንደጠቆሩ ከቆዩ የምታመጣው ራሷ ናት።