ለስድስት ሰው ስንት ብሎኬት?

ሴፕቲክ ታንክ የሚለካው በቤተሰቡ ብዛት ነው። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ያፈሳል ብንል፣ የሁለት ቀን ፍሳሹና የሦስት ዓመት ዝቃጩ (በዓመት 40 ሊትር) 280 ሊትር ይይዛል። ስድስት ሰው ሲሆን 1,680 ሊትር ነው።

ስለዚህ ውስጡ 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር፣ ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን። ግድግዳውና ወለሉ ሲታሰቡ ቁፋሮው 2.6 በ1.6 በ1.5፣ ማለትም ወደ 6.2 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከመካከለኛው ግድግዳ ጋር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይገነባል፤ በካሬ 12.5 ብሎኬት ሲሰላ፣ ከሚሰበረው ጋር 135 ይበቃል።

የመስረጊያውን ጉድጓድ ግን አፈሩ ይወስነዋል። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን 30 ሊትር የሚያሰርግ ከሆነ ለ480 ሊትር 16 ካሬ ያስፈልጋል፦ 2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ፣ ከቱቦው በታች 2.5 ሜትር። እዚህ የብሎኬቱ የጎን መገጣጠሚያ ያለ ስሚንቶ ይተዋል። መረሬ አፈር ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ሙከራ ጉድጓድ ውስጥ የፈሰሰው ውሃ በማግስቱም ካልጎደለ ቁፋሮውን አይጀምሩ።