ያልተሰማው «ት»፦ የተጻፈ እንግሊዝኛና የተነገረ እንግሊዝኛ

ከዓመታት በፊት በሰሜን ለንደን አንድ ወገናችን ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ አገኘሁት። አገር ቤት ሳለ እንግሊዝኛ ያስተማረ፣ ጋዜጣም ያለ መዝገበ ቃላት የሚያነብ ሰው ነው። የሕመም ማስታገሻውን ሁለት ሁለት ፍሬ እንዲውጥ ሻጩ እንደ ፈቀደለት አጫወተኝ። በማሸጊያው ላይ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ፍሬ በላይ እንዳይወሰድ ተጽፎ ነበር። ተመልሰን ብንጠይቅ፣ ሻጩ ያለው «ዩ ካንት ቴክ ቱ»፣ ማለትም «ሁለት መውሰድ አይችሉም» ሆኖ ተገኘ።

ስሕተቱ ከቸልተኝነት የመጣ አልነበረም። ወዳጄ ከመጽሐፍ የተማረው «ካን» ፈቃድ፣ «ካንት» ክልከላ መሆኑን ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚያየው ልዩነት መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ብቻ ናት። ስለዚህ ጆሮው እርሷን ጠበቀ። በለንደን አነጋገር ግን ይህች «ት» ከ«ን» ቀጥላ፣ በሌላ «ት» ፊት ስትውል ትዋጣለች፤ ከሻጩ አፍ የወጣው «የካንቴክቱ» ነበር። የተሰማችውን አንዲት «ት» ወዳጄ ለ«ቴክ» ሰጣት፤ የተረፈው «ካን» ሆነ፤ «ካን» ደግሞ በእርሱ ዘንድ ፈቃድ ነው።

ለንደኔው ሲፈቅድ በዐረፍተ ነገር መካከል «ካን» አይልም። አናባቢው ደክሞ ወደ ሳድስ ይቀርባል፦ «የክንቴክቱ»። እንግዲህ መለያው «ት» ሳትሆን የ«ካ» እና የ«ክ» ልዩነት ነው። እንዲህ የሚደክሙ የእንግሊዝኛ ቃላት አርባ ያህል ሲሆኑ፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዳንኤል ጆንስ በ1917 ባሳተመው የአነባበብ መዝገበ ቃላት ጠንካራውንና ደካማውን አነጋገር ጎን ለጎን መዝግቧል።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። «የእኔ» የምንለው «የኔ» እየሆነ ነው፤ «ቤት ተከራየ» ስንልም ሁለቱ «ት» ተዋሕደው ይጠብቃሉ። ነገር ግን ፊደላችን አፋችንን ተከትሎ «የኔ»፣ «ስላለ» ብሎ ስለሚጽፍ ውጠቱ በዓይን ይታያል። የእንግሊዝኛው ጽሕፈት ግን አፍ የዋጠውን ሁሉ እንደ ነበረ ያቆያል፤ በንባብ ያደገ ተማሪም ያልተነገረውን ሲፈልግ የተነገረው ያመልጠዋል።

ደንቡ ወሰን አለው። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ «የስ፣ አይ ካን» ሲባል ቃሉ ሙሉ ድምፁን ይመልሳል፤ ያም ቢሆን አናባቢው አጭር ነው፣ የክልከላው «ካ» ግን ረዥም። አሜሪካዊው ደግሞ ክልከላውን በዚያ ረዥም «ካ» አይናገረውም፤ እርሱን ስንሰማ የሚረዳን ቃሉ መድከሙ ወይም መጠንከሩ ነው።

ችግሩ ከጆሮ ወደ አንደበትም ይሻገራል። ይኸው ወዳጄ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በስልክ ሲጠሩት፣ በትምህርት ቤት እንደ ለመደው ቃሉን አጥርቶ «አይ ካን ካም» አለ። እንግሊዛዊቱ «መምጣት አልችልም» ያለ መስሏት አዘነችለትና ቀጠሮውን ለሌላ ሰው ሰጠችው።