በውጭ ገንዘብ ዋጋ ስለ መቁረጥና ስለ ምንዛሪ መጠባበቂያ
የላሊበላ የእንግዶች ንግድ እንደ ምሳሌ

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለ ሆነ፥ ከውጭ አገር ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ በበቅሎ ይወጡታል። ባለበቅሎው ኪራዩን የሚቀበለው በዚያው ቀን፥ በብር ነው። መንገድ መሪውም፥ ሆቴሉም፥ ባለመኪናውም ሒሳባቸውን በብር ይጠይቃሉ። እንግዶቹን የላከው የአውሮፓ የጉዞ ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚዋዋለው ከወራት በፊት በዩሮ ነው፤ ገንዘቡንም የሚልከው ጉዞው በሚደርስበት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ያገር ውስጥ ወኪል ዕቃ ጭኖ ባይልክም፥ አገልግሎቱን ለውጭ ሰው በውጭ ገንዘብ ሸጧልና እንደ ቡናና እንደ ሰሊጥ ነጋዴው ሁሉ ላኪ ነው። ጭንቀቱም ያው የላኪ ጭንቀት ነው፤ ዋጋው ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ የምንዛሪው ዋጋ ባለበት አይቆይም።

ብዙ ሰዎች የብር ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀንስ በውጭ ገንዘብ የሚሸጥ ሰው ምን ጊዜም ይጠቀማል ብለው ያስባሉ። ይህ አሳብ በዶላር ለሚዋዋል ላኪ ለብዙ ዓመታት የቀረበ ነበር፤ በዩሮ ለሚዋዋለው ግን አልሠራም። የኢትዮጵያ ብር በዝግታ ይቀንስ የነበረው በዶላር አንጻር ሲሆን፥ ዩሮ ራሱ በዶላር አንጻር ሲወድቅ ውድቀቱ በብርም ይታያል።

ለዚህ የ2007 ዓ.ም. የገና በዓል ጥሩ ማስረጃ ነው። በግንቦት 2006 ዓ.ም. አንድ ዩሮ ከ1 ዶላር ከ35 ሳንቲም በላይ ያወጣ ነበር፤ በብርም ወደ 27 ብር ይጠጋ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ምእመናን በቤተ ማርያም ቅጥር ሲሰበሰቡ፥ ዩሮ ወደ 1 ዶላር ከ18 ሳንቲም ወርዶ፥ በብር 24 ያህል ብቻ ሆኖ ነበር። ብር በዶላር አንጻር በዚያው ጊዜ ጥቂት ቢቀንስም የዩሮን ውድቀት ሊሸፍነው አልቻለም።

አሁን በግንቦት ለገና ጉዞ ዋጋ የሚቆርጥ አንድ ወኪል በአሳብ እንውሰድ። ለአንድ እንግዳ ሆቴሉ፥ መኪናው፥ መንገድ መሪውና በቅሎው በጠቅላላው 10,800 ብር ያስወጡታል፤ በትርፍ 1,200 ብር ይፈልጋል፤ ስለዚህ 12,000 ብር ሊገባለት ይገባል። በዕለቱ ዋጋ በ27 ሲያካፍለው 444 ዩሮ ይሆናል። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ገንዘቡ በገና ሰሞን በ24 ብር ሲመነዘር 10,656 ብር ብቻ ይሆናል። ከወጪው 144 ብር ጎደለ ማለት ነው። እንግዳው በደስታ ተመልሷል፥ ባለበቅሎውም ተከፍሎታል፤ ወኪሉ ግን ስምንት ወር የደከመበትን ሥራ በኪሳራ ዘጋው።

መጠባበቂያ የሚባለው ይህን የሚከላከል ነው። ወኪሉ ዋጋውን የሚያካፍለው በዕለቱ ምንዛሪ ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ባለ የዕቅድ ምንዛሪ ነው። ምን ያህል ዝቅ ይበል? ለዚህ በግምት ሳይሆን በመዝገብ መሥራት ይገባል። ባንክ ዩሮን የሚገዛበትን የየወሩን ዋጋ ለብዙ ዓመታት ዘርዝሮ፥ በእያንዳንዱ የስምንት ወር ርቀት ምን ያህል እንደ ወረደ ይመለከታል። ከሁሉ የከፋውን ውድቀት ቢወስድ ዋጋው ስለሚወደድ ሥራው ለሌላ ተወዳዳሪ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዐሥር ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የታለፈውን ልክ ይመርጣል። ርቀቱ ሁለት ወር ቢሆን ኖሮ መጠባበቂያው ያነሰ ይሆን ነበር። የሚታየው ዋጋ ባንክ የሚገዛበት ይሁን፤ ባንክ የሚሸጥበት ዋጋ ለላኪ አይገባለትምና።

ይህ ልክ ከመቶ 8 ሆነ እንበል። የዕቅድ ምንዛሪው ከ27 ላይ ከመቶ 8 ሲቀነስ 24 ብር ከ84 ሳንቲም ነው፤ 12,000 ብር ለዚህ ሲካፈል 483 ዩሮ ይወጣል። አንዳንዶች በ444 ዩሮ ላይ ከመቶ 8 ጨምረው 480 ያደርጉታል፤ ይህ ግን ምንዛሪው በእርግጥ ከመቶ 8 ሲወርድ ሙሉውን ብር አይመልስም። በ483 ዩሮ የተዋዋለው ወኪል በ24 ሲመነዝር 11,592 ብር ያገኛል። ውድቀቱ ከገመተው በልጦ ትርፉ ወደ 792 ብር ቢያንስም ኪሳራ አልደረሰበትም።

ይሁንና 444 የነበረው 483 መሆኑ ለገዢው ከባድ ነው። እዚህ ላይ ነገሩን የሚያቀልለው ቀብድ ነው። ወኪሉ ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ ከዋጋው ከመቶ 40 ቢቀበልና ወዲያው ቢመነዝረው፥ ለአደጋ የተጋለጠው የቀረው ከመቶ 60 ብቻ ነው። መጠባበቂያውም በዚያው መጠን ወደ ከመቶ 4.8 ዝቅ ይላል፤ የዕቅድ ምንዛሪው 25 ብር ከ70 ሳንቲም፥ ዋጋው ደግሞ 467 ዩሮ ይሆናል። በገና ሰሞን ሒሳቡ ሲዘጋ ቀብዱ 5,044 ብር፥ ቀሪው 6,725 ብር አስገብቶ ድምሩ 11,769 ብር ነው። ገዢው በ16 ዩሮ የረከሰ ዋጋ ከፈለ፤ ወኪሉም 969 ብር አተረፈ፤ ይኸውም ያለ ቀብድ ካገኘው ይበልጣል። ነገር ግን ቀብዱ ሳይመነዘር በውጭ ገንዘብ ሒሳብ ቢቀመጥ ጥቅሙ ይቀራል፤ በዩሮ ያለ ገንዘብ ከዩሮ ጋር አብሮ ይወርዳልና።

በወጪው ውስጥ በዶላር የተተመነ ነገር ካለ ለብቻው ይጻፍ። ለምሳሌ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መግቢያ ለውጭ አገር ሰዎች ለብዙ ዓመታት 50 ዶላር ነበር። ይህን ወደ ብር መልሶ ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ ወኪል ዩሮ ሲወድቅና ዶላር ሲወደድ ወጪው መጨመሩን ሳያስተውል ይቀራል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፥ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፥ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዟል። 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አስቀድሞ በውጭ ገንዘብ የተዋዋለ ላኪ በእጁ ያልጠበቀውን ብር አገኘ። ነዳጁም፥ ሆቴሉም፥ የበቅሎው ኪራይም ተከትለው ሲወደዱ ግን፥ ያን ብር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያጠፋው ሰው ለሚቀጥለው ጉዞ ወጪ አጠረው። ስለዚህ ከምንዛሪ የተገኘ ትርፍ ከንግዱ ትርፍ ተለይቶ መመዝገብ አለበት፤ መጠባበቂያውም የብርን መቀነስ እንደ ዋስትና ሳይቆጥር ይሰላል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መዝገብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ውል አጠገብ ዋጋው በተቆረጠበት ቀን የነበረው ምንዛሪ፥ የዕቅዱ ምንዛሪና ገንዘቡ በገባበት ቀን የተገኘው ምንዛሪ በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ። ለገዢው የሚላከው የዋጋ ማስታወቂያም የሚጸናው ለ30 ቀን ብቻ መሆኑ ይገለጽበት። ውሉ ሳይፈረም የዕለቱ ምንዛሪ ከዕቅዱ በታች ከወረደ ማስታወቂያው ታድሶ ይላካል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን የተስማሙበት ዋጋ ይጸናል፤ ወኪሉን የሚጠብቀው በመጀመሪያው ቀን ያሰላው መጠባበቂያና የተቀበለው ቀብድ ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓምድ በተከታታይ ከሁለተኛው በታች ሲወርድ ከታየም፥ መጠባበቂያው ጠብቦ ኖሯልና ለሚመጣው ገና ዋጋ ከመቆረጡ በፊት እንደገና ይለካል።