የወፍጮው ሞተር ለምን በስታር ይነሳል?

የወፍጮ ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እኩል የሆኑ ሦስት ጥቅሎች አሉት፤ ስለዚህ ከሦስቱም መስመሮች እኩል ኩረንት ይስባል።

በመስመሮቹ መካከል 380 ቮልት አለ እንበል። በዴልታ ሲታሰር እያንዳንዱ ጥቅል ሙሉውን 380 ቮልት ያገኛል። የአንዱ ጥቅል ኢምፔዳንስ 38 ኦም ቢሆን 10 አምፒር ያልፍበታል። መስመሩ ሁለት ጥቅሎችን ይመግባል፤ የሁለቱ ኩረንት ግን በአንድ ቅጽበት ጣሪያው ላይ ስለማይደርስ መስመሩ የሚሸከመው 20 ሳይሆን 10 በ1.73 ተባዝቶ 17.3 አምፒር ነው።

በስታር የሦስቱ ጥቅሎች አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ ይታሰራል። ያን ጊዜ 380 በ1.73 ተካፍሎ ለእያንዳንዱ ጥቅል 220 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። የጥቅሉና የመስመሩ ኩረንት አንድ ነው፤ 5.8 አምፒር፣ የዴልታው ሲሶ። ሞተሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ የሚዞረው ለዚህ ነው። የማዞር ጉልበቱም ወደ ሲሶ ስለሚወርድ እህል የሞላበት ወፍጮ ላይነሳ ይችላል።

ሰሌዳው ላይ ለዴልታ 220፣ ለስታር 380 ቮልት የተጻፈበት ሞተር በዚህ መስመር በዴልታ ከታሰረ ግን ጥቅሎቹ ይቃጠላሉ።