አዲሷ ተቆጣጣሪ ከማሽኑ ትነሳ

በልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ ሆና የምትሾመው ብዙ ጊዜ ፈጣኗ ሰፊ ናት። እጅጌ የምትገጥመው ሠራተኛ ፊት ሥራ ሲከመር፣ አዲሷ ተቆጣጣሪ ማሽኑን ተቀብላ ራሷ ትሰፋለች። ክምሩ ይቀንሳል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የቀረውን መስመር የሚያይ የለም፤ ሥራውም በማግስቱ እዚያው ይከመራል።

መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይህ ልማድ ነው። ሰዓት ይዛ ከጎን ትቁም፣ ጥቂት እጅጌዎች እስኪገጠሙ ትለካ፣ ከዚያም «ምን ያዘሽ?» ብላ ትጠይቅ። ምናልባት ቁርጡ ተገልብጦ እየመጣ፣ ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ስታገላብጥ ጊዜዋ ያልቃል። መፍትሔው ያለው እንግዲህ ከእሷ በፊት ካለው ሠራተኛ ዘንድ ነው።

የአመራር ምሁሩ ጆን ኮተር ማስተዳደር ውስብስብ ሥራን ሥርዓት ማስያዝ፣ መምራት ደግሞ ለውጥን መቋቋም ነው ይላል። እኔ ግን ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም በአንድ ፈረቃ ትሠራለች ባይ ነኝ፦ መለካቱ ማስተዳደር ነው፤ ሠራተኛዋ ሳትፈራ እውነቱን እንድትናገር ማድረጉ መምራት ነው። ለውጡ መሥራቱ የሚታወቀው ሠራተኞቹ ሥራ ሳይከመር አስቀድመው ሲጠሯት ነው። ሰው ቀርቶ ጭነት የሚወጣበት ቀን ከደረሰ ግን ማሽኑ ላይ መቀመጧ አይነቀፍም።