ደዶ ላይ ሥራው የሚዘገየው ገና ሲፈረም ነው

የትምህርት ቤት ግንባታ አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲፈጸም፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ለሥራ ተቋራጩ የበላይ አመራር «ከሥራው ምን ተማርን» የሚል ሪፖርት ያቀርባል። ጅማ ዞን ውስጥ በተሠራ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲጻፍ የመዘግየቱ ምክንያት «ዝናብ» ተብሎ ይታለፋል። አመራሩም አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰማይ አይከሰስም።

ደዶ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ወረዳ ናት። የጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛውም ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ስለዚህ የሪፖርቱ ጥያቄ ዝናቡን እያወቅን ውሉን ለምን በዚያ ቀን ፈረምን የሚል መሆን አለበት።

የቀን መቁጠሪያውን እንየው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀት እስኪደለደል፣ ጨረታ ወጥቶ እስኪገመገምና አሸናፊው እስኪታወቅ ጥርና የካቲት ይደርሳል። ለምሳሌ አንድ ተቋራጭ ለአራት ክፍል ብሎክ የ240 ቀን ውል ፈርሞ መጋቢት 1 ቀን ቦታውን ተረከበ እንበል። ጳጉሜን ጨምረን ስንቆጥር ውሉ ጥቅምት 25 ያልቃል። ሰማዩ ጠርቶ ለሥራ የሚመቸው ወቅት የሚጀምረው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። የተፈቀደው ጊዜ ከሞላ ጎደል ዝናብ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው መሠረት ላይ ነው። የአካባቢው ቀይ ሸክላ አፈር ሲደርቅ ጥሩ ይሸከማል፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ካቆረ ግን ወለሉ ይላቁጣል። ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፦ የፎርማኑ ቦቲ ተረከዝ ከሰመጠና አሻራው ውሃ ከቋጠረ ያ አፈር ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጠርገው ሲያወጡት ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ከዝርዝሩ በላይ ለሚገባው ድንጋይና ኮንክሪት ደግሞ አሠሪው ላይከፍል ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የመጨረሻውን 15 ሴንቲ ሜትር ሳይቆፍሩ መተው፣ ከዚያ የሚሞላውን ያህል ብቻ ጠዋት ቆፍሮ በዚያው ቀን ሊን ኮንክሪቱን ማፍሰስ። ሙሉውን ጉድጓድ በአንድ ሳምንት ቆፍሮ «ሥራው ሄዷል» ብሎ ፎቶ መላክ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱን ያስደስታል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ቡና ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በማና፣ በጎማና በሊሙ በኩል ለቃሚ ይፈለጋል፤ የቀን ሠራተኛውም ወደሚሻለው ገንዘብ ይሄዳል። ያልተለሰነ ግድግዳ ይዞ ጥቅምት የገባ ተቋራጭ ሰው ፍለጋ መዞሩ አይቀርም።

የመዘግየቱን ቅጣት በገንዘብ እናስላው። በመንግሥት ውሎች የተለመደው የጉዳት ካሳ በቀን ከውሉ ዋጋ አንድ ሺህኛ ሲሆን ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ውሉ የ20 ሚሊዮን ብር ቢሆን በቀን 20,000 ብር ይቆረጣል፤ የካቲት 5 ላይ 100 ቀን ሞልቶ 2 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ያ ገንዘብ የብዙ ተቋራጭ ትርፍ ነው። የጊዜ ማራዘሚያ ቢጠየቅም አማካሪው በየዓመቱ የሚመጣውን ዝናብ እንደ ምክንያት አይቀበልም፤ ከወትሮው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይ ይላል። የሳይት መዝገቡ ሲገለጥ «ዛሬ ዝናብ ነበር» ብቻ ይላል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደዘነበ፣ የትኛው ሥራ እንደቆመ፣ ስንት ሰው ሥራ እንደፈታ፣ የተቆጣጣሪው ፊርማም የለበትም። ከጅማ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ያለፉት ዓመታት መረጃ ከዚህ ጎን ካልተቀመጠ ጥያቄው ወድቋል።

ዋጋም አለ። የመንግሥት ግዥ ሥርዓቱ ለአጭር ጊዜ ውል የዋጋ ማስተካከያ አይፈቅድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ ብረቱን ወዲያው የገዛና «ቆርቆሮው ላይ ስንደርስ እንገዛለን» ያለ አንድ ዓይነት ኪሳራ አልገጠማቸውም።

እንግዲህ ሪፖርቱ ለአመራሩ ሊለው የሚገባው ሳይቱን ስለመገሠጽ አይደለም። የጨረታ ማብራሪያ በሚጠየቅበት ጊዜ የቦታ ርክክቡ ቀን በጽሑፍ ይጠየቅ። ቀኑ መጋቢት ከሆነ ድንጋዩና አሸዋው መንገዱ ሳይበላሽ የሚከማችበት ወጪ፣ የጉድጓዱ ፓምፕና ሸራ፣ በቡና ወቅት የሚጨመረው የቀን ሒሳብ ዋጋው ውስጥ ይግባ። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ጨረታውን የሚያሸንፍ ዋጋ ካልወጣ፣ ያ ጨረታ መሸነፍ ያለበት ጨረታ ነው።