ከአራቱ ጭነቶች የትኞቹ ይጫኑ?

የመጫን አቅሟ 10 ኩንታል የሆነ ፒክአፕ አለች እንበል። አራት ደንበኞች ወደ አንድ ከተማ የሚሄድ ዕቃ አላቸው። የመጀመሪያው ጀነሬተር ነው፤ 6 ኩንታል ይመዝናል፣ የማጓጓዣው ዋጋ 3,200 ብር ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው፤ 5 ኩንታል፣ 2,500 ብር። ሦስተኛው ሲሚንቶ፤ 5 ኩንታል፣ 2,400 ብር። አራተኛው በካርቶን የታሸገ ሳሙና፤ 3 ኩንታል፣ 1,400 ብር። ሁሉም ቢደመሩ 19 ኩንታል ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሚቀር ዕቃ መኖሩ ግድ ነው። ደንበኞቹ ደግሞ ዕቃቸው ተከፋፍሎ እንዲሄድ አይፈልጉም። ወይ ሙሉው ይጫናል፣ ወይ ሙሉው ይቀራል።

መቼም ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንዱ ኩንታል ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው። በዚህ ስሌት ጀነሬተሩ በኩንታል 533 ብር ገደማ ስለሚያስገኝ አንደኛ ይሆናል፤ ቆርቆሮው በ500 ብር፣ ሲሚንቶው በ480 ብር፣ ሳሙናው በ467 ብር ገደማ ይከተላሉ። እንግዲያው ጀነሬተሩ ይጫን። 4 ኩንታል ቦታ ይቀራል፤ ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም አይገቡበትም፤ ሳሙናው ይገባል። ድምሩ 4,600 ብር ነው፣ የ1 ኩንታል አቅምም ባዶውን ይሄዳል። ጀነሬተሩን ትተን ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ብንጭን ግን መኪናዋ በልኳ ሞልታ 4,900 ብር ታስገኛለች። በኩንታል ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ መተው ነበረብን ማለት ነው።

ይህ የስሌት መንገድ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለት ግን አይደለም። ጭነቱ እንደ ጤፍ ከፈለጉበት ላይ ተቆርጦ የሚጫን ቢሆን ኖሮ ፍጹም ትክክል ነበር። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንትዚግ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አሳይቷል። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው የማይከፈል ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ትርፉን የሚወስነው የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ጥሎት የሚሄደው ክፍት ቦታ ጭምር ነው። ይህ ጥያቄ በሙያው «ናፕሳክ ፕሮብለም» ይባላል።

ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ መሞከርስ? ለአራት ዕቃ 16 አማራጭ ብቻ ስለሆነ በወረቀት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር አማራጩ እጥፍ ይሆናል፤ 40 ዕቃ ላይ ሲደርስ ከአንድ ትሪሊዮን ያልፋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ቤልማን «ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ» ብሎ የሰየመው ዘዴ ከዚህ ይገላግላል። ሐሳቡ ትልቁን ጥያቄ ወደ ትንንሽ ጥያቄዎች ማውረድ፣ የእያንዳንዱን መልስ በሰንጠረዥ መመዝገብና አንዴ የተመለሰውን ዳግም አለማስላት ነው።

የእኛ ሰንጠረዥ ይኸውና። ወደ ጎን ያለው የመኪናዋ አቅም ነው፣ ከ0 እስከ 10 ኩንታል። ወደ ታች ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። በየሳጥኑ ያለው ቁጥር እስከዚያ ረድፍ ባሉት ዕቃዎችና በዚያ አቅም የሚገኘው ከፍተኛ ገቢ ነው፣ በመቶ ብር።

| | 0 | 1 | 2 | 3 | 4 | 5 | 6 | 7 | 8 | 9 | 10 |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ጀነሬተር | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 32 | 32 | 32 | 32 | 32 |
| ቆርቆሮ | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 25 | 32 | 32 | 32 | 32 | 32 |
| ሲሚንቶ | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 25 | 32 | 32 | 32 | 32 | 49 |
| ሳሙና | 0 | 0 | 0 | 14 | 14 | 25 | 32 | 32 | 39 | 46 | 49 |

እያንዳንዱ ሳጥን የሚሞላው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ይቅር ወይስ ይጫን? ከቀረ መልሱ ከላይ ካለው ሳጥን እንዳለ ይወርዳል። ከተጫነ የዕቃው ዋጋ ተይዞ፣ ክብደቱ ከአቅሙ ላይ ይቀነስና በቀረው አቅም ሥር በላይኛው ረድፍ የተጻፈው ይደመርበታል። ከሁለቱ የሚበልጠው ይጻፋል። የሲሚንቶውን ረድፍ 10ኛ ሳጥን እንሙላ። ሲሚንቶው ቢቀር ከላይ ያለው 32 ይወርዳል። ቢጫን 24 ይገኛል፤ 5 ኩንታል አቅም ይቀራል፤ በቆርቆሮው ረድፍ 5 ሥር ያለው 25 ነው። 24 እና 25 ሲደመሩ 49፤ ከ32 ይበልጣል፣ 49 ተጻፈ። በ5 ኩንታል ምን ይበጃል ብለን ዳግም አላሰብንም፤ መልሱ ከላይ ተጽፎ ይጠብቀን ነበር።

የመጨረሻው ሳጥን 4,900 ብር እንደሚገኝ ይነግረናል እንጂ የትኞቹ ዕቃዎች እንደሚጫኑ አይናገርም። ያንን ለማወቅ ከታች ወደ ላይ መመለስ ነው። ሳሙናው ረድፍ ላይ 49፣ ከላዩም 49፤ ቁጥሩ ስላልተለወጠ ሳሙናው አልተጫነም። በሲሚንቶው ረድፍ 49፣ ከላዩ 32፤ ተለውጧልና ሲሚንቶው ተጭኗል፣ አቅሙም ወደ 5 ወረደ። በ5 ሥር የቆርቆሮው ረድፍ 25፣ ከላዩ 0፤ ቆርቆሮው ተጭኗል። ምንም አቅም አልቀረም፤ ጀነሬተሩ ቀርቷል።

እኔ ከሰንጠረዡ ሁሉ አብልጬ የምወደው የመጨረሻውን ረድፍ ነው፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳልና። መኪናዋ ዛሬ ከ9 ኩንታል በላይ አትጫን ቢባል መልሱ 4,600 ነው፤ ያን ጊዜ ጀነሬተሩና ሳሙናው ይመረጣሉ። ከ9 ወደ 10 መውጣት 300 ብር ሲጨምር፣ ከ6 ወደ 7 መውጣት ግን አንድም ብር አይጨምርም። ትልቅ መኪና ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ ለሚል ሰው ይህ ረድፍ ቁም ነገር ነው።

ሰንጠረዡን በኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ አንድ ረድፍ ብቻ ይዘው በላዩ ላይ ደጋግመው ይጽፋሉ። ይህን ሲያደርጉ ከ10 ወደ 0፣ ማለትም ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ አለባቸው። ከግራ ከተጀመረ ቆርቆሮው 5ኛው ሳጥን ላይ ይመዘገብና፣ 10ኛው ላይ ሲደረስ ያው ቆርቆሮ እንደገና ይደመራል። መልሱ 4,900 መሆኑ ቀርቶ 5,000 ይወጣል። ስህተቱ የሚታወቀው የተመረጡት ዕቃዎች ሲዘረዘሩ ነው፤ አንድ ደንበኛ ያመጣው ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

ሌላው ጣጣ ከሚዛኑ ይመጣል። ቆርቆሮው በሚዛን 5.3፣ ሲሚንቶው 5.2 ኩንታል ሆነው ሳለ ሁለቱንም 5 ብለን ከመዘገብን ሰንጠረዡ ልክ 10 ነው ይላል፤ መኪናዋ ላይ ያለው ግን 10.5 ኩንታል ነው። የዕቃ ክብደት ሲጠጋጋ ወደ ላይ፣ የመኪና አቅም ደግሞ ወደ ታች መሆን አለበት። ይህ ግን ለጥንቃቄ ሲባል የሚገባውን ዕቃ ሊያስቀር ይችላል። በትክክል ለመያዝ በ10 ኪሎ መለካት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ከ0 ውጭ 100 ዓምድ ይኖረዋል። በ1 ኪሎ 1,000፣ በግራም ደግሞ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። የዘዴው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው የሚበዛው በዕቃው ቁጥር ብቻ ሳይሆን አቅሙ በተቆራረሰበት ልክ ነው። ሪቻርድ ካርፕ በ1972 እ.ኤ.አ. ከባድ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 21 ችግሮች አንዱ ይኸው ናፕሳክ ነው፤ ቁጥሮቹ የቱንም ያህል ቢገዝፉ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚፈታ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ክብደታቸው በኩንታል ወይም በኪሎ ለሚለካ ጥቂት መቶ ዕቃዎች ግን ሰንጠረዡ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው።

ሰንጠረዡ የሚያየው ክብደትን ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ሳሙናው ቀላል ቢሆንም ካርቶኑ ቦታ ይፈጃል። የካርጎው ስፋት ከገደብ ከገባ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደትም ይዞታም ይኖረዋል፤ በየረድፉም ለእያንዳንዱ የክብደትና የይዞታ ጥንድ አንድ ሳጥን ያስፈልጋል። ይዞታውን ለምሳሌ በ20 እርከን ብንለካው የአንዱ ረድፍ ሳጥን ከ11 ወደ 231 ያድጋል። የትኛው ዕቃ ከፊት፣ የትኛው ከኋላ ይሁን የሚለው፣ ማለትም ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ደግሞ ከዚህ ሰንጠረዥ ውጭ ነው፤ እሱን ጫኞቹና ሹፌሩ ይወስኑታል።